ከ7 ላይ 4 ማለት መካከለኛ አደጋ ማለት ነው?

«ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ጀርመን ነው። ለልጄ የኮሌጅ ትምህርት ብሎ በየወሩ ያስቀመጠው ገንዘብ 10 ሺህ ዩሮ ደርሷል። ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ናት። አሁን ወንድሜ ገንዘቡን የዓለም አክሲዮኖችን በሚገዛ ፈንድ ውስጥ ላስገባው ብሎ የፈንዱን ባለ ሁለት ገጽ መግለጫ ላከልኝና ‹አንብቢው፤ እሺ ካልሽኝ አስገባዋለሁ› አለኝ። አደጋው ከ7 ላይ 4 ነው ይላል፤ ይህ መካከለኛ ማለት አይደለም? በፈረንጆቹ 2024 ደግሞ ከ18 በመቶ በላይ አትርፏል። ጎረቤቴም የአንድ ዘመዱ ገንዘብ እንዲህ ባለ ፈንድ ውስጥ ሆኖ በአጭር ጊዜ በብር እጥፍ እንደሆነለት ነገረኝ። ወረቀቱን ልኬላችኋለሁ። እሺ ልበለው?» — ከኮዬ ፈጬ

ውድ ጠያቂያችን፣ የላኩልን መግለጫ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2024፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ያለውን የሚያሳይ ነው። ፈንዱ ኤም.ኤስ.ሲ.አይ ወርልድ የሚባለውን የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ እግር በእግር የሚከተል በመሆኑ፣ በወረቀቱ ላይ የፈንዱና የመለኪያው ውጤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያሉ። ከዚህ በታች የማሰላው በመለኪያው ዓምድ ነው፤ ወረቀቱን ይዘው አብረውኝ ሊከተሉ ይችላሉ።

ከአደጋው ቁጥር እንጀምር። ከ1 እስከ 7 ያለው ሚዛን በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት የሚሰላ ሲሆን፣ የሚለካው በዋነኛነት የፈንዱ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ነው። ነገር ግን ቁጥሮቹ እንደ ኮንዶሚኒየም ደረጃ እኩል እኩል እየተራመዱ አይወጡም። 1 የሚሰጠው ዓመታዊ መዋዠቁ ከግማሽ በመቶ በታች ለሆነ ነው። 2 ከግማሽ እስከ 5 በመቶ፣ 3 ከ5 እስከ 12፣ 4 ከ12 እስከ 20፣ 5 ከ20 እስከ 30፣ 6 ከ30 እስከ 80 በመቶ ሲሆን፣ 7 ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ሚዛኑ በላይኛው ጫፍ እጅግ አደገኛ የሆኑ ውስብስብ የገንዘብ ውጤቶችን ጭምር ማስተናገድ ስላለበት፣ ሙሉ በሙሉ አክሲዮን የሆነ ፈንድ እንኳ መሐል ላይ ተቀምጦ ይታያል። ስለዚህ 4 ቁጥር «ከሁሉም ነገር መካከለኛ» ማለት ሳይሆን፣ ለአንድ ቤተሰብ ቁጠባ ሲሆን ከፍ ወዳለው አደጋ የሚያደላ ማለት ነው።

በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ በትንሽ ፊደል፣ «ቮላቲሊቲ»፣ ማለትም ዓመታዊ መዋዠቅ፣ የሚል ረድፍ አለ፤ እዚያ የተጻፈው 17 በመቶ አካባቢ ነው። ከ4 ይልቅ ብዙ የሚነግረን ይህ ቁጥር ነው። በግርድፉ ሲተረጎም፣ አማካይ ትርፉ በዓመት 11 በመቶ የሆነ ፈንድ መዋዠቁ 17 ከሆነ፣ ከሦስት ዓመት በሁለቱ ገደማ ውጤቱ ከ6 በመቶ ኪሳራ እስከ 28 በመቶ ትርፍ ባለው ክልል ውስጥ ይውላል፤ በቀረው ዓመት ደግሞ ከዚህ ክልል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይወጣል ማለት ነው። ይህ ሩቅ ምሳሌ አይደለም። በዚሁ ወረቀት ላይ በፈረንጆቹ 2022 18.14 በመቶ ኪሳራ ይላል።

የአደጋው ሚዛን ሁለት ነገሮችን አያይም፤ ሁለቱም እርስዎን ይመለከታሉ። የመጀመሪያው ስሌቱ የሚነሣው በቅርብ ዓመታት ከታየው የዋጋ እንቅስቃሴ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በፊት የሆነው በቁጥሩ ውስጥ የለም። በፈረንጆቹ 2008 በደረሰው የዓለም የገንዘብ ቀውስ ይኸው መለኪያ በአንድ ዓመት ብቻ 40 በመቶ ገደማ ወርዷል። በ2007 መጨረሻ ከነበረበት ጫፍ እስከ ማርች 2009 ድረስ ያለው ሲታይ ደግሞ ከግማሽ በላይ ዋጋውን ያጣ ሲሆን፣ ወደ ቀድሞው ጫፍ ለመመለስ ከአምስት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ሁለተኛው የምንዛሪ ጉዳይ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። እነዚህን ሁለቱን ይዘው ከሚዛኑ ሥር ያለችውን አጭር ዓረፍተ ነገር ያንብቡ፤ «ቁጥሩ የተሰላው ገንዘቡ ለ5 ዓመት ይቆያል በሚል ግምት ነው» የምትል ናት። ልጅዎ 12ኛ ክፍልን ለመጨረስ የቀራት ጊዜ ግን ከአራት ዓመት ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ትርፉ እንሂድ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ የአንድ ዓመት 18.67፣ የሦስት ዓመት 6.34፣ የአምስት ዓመት 11.17 በመቶ። የአንድ ዓመቱ የ2024 ጠቅላላ ትርፍ ነው፤ ሁለቱ ግን «በዓመት በአማካይ» የሚል ማስታወሻ አላቸው። አንድ ፈንድ፣ በአንድ ቀን፣ ሦስት መልክ አለው። ወንድምዎም ሆነ ማንኛውም ሻጭ ከሦስቱ የትኛውን ቀድሞ እንደሚነግርዎ መገመት አይከብድም።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማየት ከታች ያለውን የዓመት ዓመት ሰንጠረዥ ተከትለን 100 ዶላር እናስገባ። በ2020 መጀመሪያ የገባ 100 ዶላር በዚያ ዓመት 15.9 በመቶ አድጎ 115.90 ሆነ። በ2021 ደግሞ 21.82 በመቶ ጨምሮ 141 ዶላር ደረሰ። በ2022 የ18.14 በመቶው ኪሳራ መጣና ወደ 115.60 ገደማ መለሰው፤ ማለትም የአንድ ሙሉ ዓመት ትርፍ ሙልጭ ብሎ ሄደ። በ2023 በ23.79 በመቶ አድጎ 143 ሆነ፤ በ2024 ደግሞ በ18.67 በመቶ አድጎ 170 ዶላር አካባቢ ላይ ቆመ። በአምስት ዓመት 70 ዶላር ማትረፍ መልካም ነው፤ ወረቀቱ 11.17 የሚለውም ይህንኑ በየዓመቱ እኩል አድርጎ ሲያከፋፍለው ነው። አምስቱን ዓመታት ደምረው ለአምስት ቢያካፍሉ 12.4 ያገኛሉ፤ ይህ ግን የኪሳራውን ዓመት ክብደት ያቀለለ የተሳሳተ አማካይ ነው። ምክንያቱም 18 በመቶ የወረደ ገንዘብ ወደነበረበት ለመመለስ 18 ሳይሆን 22 በመቶ ማደግ አለበት።

አሁን ደግሞ ያው 100 ዶላር በ2022 መጀመሪያ የገባ እንደሆነ ያስቡ። በዓመቱ መጨረሻ 81.86 ሆኖ ተገኘ። በ2023 ያ ሁሉ ዕድገት መጥቶ እንኳ 101.30 ላይ ብቻ አደረሰው፤ ማለትም ሰውዬው ሁለት ዓመት ጠብቆ ያገኘው አንድ ዶላር ከሠላሳ ሳንቲም ነው። በ2024 መጨረሻ 120 ደረሰ። እንግዲህ የዚህ ሰው ገንዘብ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚፈለገው በ2022 መጨረሻ ቢሆን ኖሮ፣ በኪሳራ ሸጦ ከመክፈል ውጭ ምርጫ አልነበረውም። በአክሲዮን ፈንድ ላይ አደጋ የሚባለው በዋነኛነት ይህ ነው፤ ዋጋው መውረዱ ብቻ ሳይሆን፣ በወረደበት ሰዓት ገንዘቡ መፈለጉ። ወረቀቱ ስለ ፈንዱ እንጂ ስለ ልጅዎ ክፍያ ቀን ምንም አያውቅም፤ ሁለቱን ማገናኘት የእርስዎና የወንድምዎ ሥራ ነው።

በወረቀቱ ራስጌ ላይ «የፈንዱ ገንዘብ፦ ዶላር» ተብሎ ተጽፏል፤ የወንድምዎ ቁጠባ ዩሮ ነው፤ የልጅዎ ክፍያ ደግሞ ምናልባት በብር ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ፈንድ ላይ ሦስት ገንዘቦች ተደራርበዋል ማለት ነው። በ2022 ፈንዱ በዶላር ሲለካ 18 በመቶ ከሰረ፤ በዚያው ዓመት ዶላር ከዩሮ አንጻር ስለጠነከረ ግን በዩሮ የሚቆጥር ሰው ያየው ኪሳራ 13 በመቶ ገደማ ነው። በ2024 ደግሞ በዶላር ወደ 19 በመቶ የተጠጋው ትርፍ በዩሮ 27 በመቶ ገደማ ሆኖ ታይቷል። ሁለቱም ጊዜ ምንዛሪው ዩሮ ለሚቆጥረው ሰው አደላ። ዶላር በተዳከመበት ዓመት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሚዛኑ ሥር «የምንዛሪ አደጋ በዚህ ቁጥር ውስጥ አልተካተተም» ተብሎ የተጻፈውም ለዚህ ነው። ወንድምዎ በስልኩ የሚያየው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው ካልተገጣጠመ፣ ፈንዱ ስላጭበረበረ ሳይሆን አንዱ በዩሮ፣ ሌላው በዶላር ስለተቆጠረ ሊሆን ይችላል።

ጎረቤትዎ የነገረዎትንም በዚሁ መንገድ ይመዝኑት። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ፈንዱ አንድ ሳንቲም ባያተርፍ እንኳ፣ ውጭ አገር የተቀመጠ ዶላር ሁሉ በብር ሲቆጠር ቢያንስ 75 በመቶ «አድጓል» ማለት ነው። ያልተነካ የባንክ ሒሳብም እንዲሁ አድጓል። ዘመድየው በብር እጥፍ አግኝቶ ከሆነ አልዋሸም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ያመጣው ምንዛሪው እንጂ የፈንዱ ችሎታ አይደለም። ስለዚህ ፈንድን ከፈንድ ጋር ሲያወዳድሩ ሁልጊዜ በአንድ ገንዘብ፣ ለአንድ ዓይነት ዘመን ያወዳድሩ፤ በብር የተነገረን ትርፍ ወደ ውሳኔዎ አያስገቡት።

ቀጥሎ ፈንዱ የያዛቸውን ኩባንያዎች እንመልከት። ወረቀቱ ወደ 1400 የሚጠጉ ኩባንያዎች አክሲዮን እንደያዘ ይናገራል፤ ስሙም «ወርልድ» ነው። ይህን ያነበበ ሰው ገንዘቡ በመላው ዓለም ተበትኗል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከስሙ ይልቅ ግን በአገር የተከፋፈለውን ሰንጠረዥ ያንብቡ፤ አሜሪካ ብቻዋን ከ70 በመቶ በላይ ይዛለች፤ ጃፓን ሁለተኛ ሆና 5 በመቶ ገደማ ናት። ይህ መለኪያ የሚሸፍነው ያደጉ ተብለው የተመደቡ 23 አገሮችን ነው። ቻይናና ህንድ የሉበትም፤ ከአፍሪካም አንድ አገር የለም። (ዓለም ሲሉ እኛን ስንት ጊዜ እንደሚዘልሉን ስለሚታወቅ ይህ አያስገርምም።)

ከጎኑ ያለው የአሥሩ ትልልቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ደግሞ አፕል፣ ኤንቪዲያ፣ ማይክሮሶፍት፣ አማዞን እያለ ይቀጥላል። የአሥሩን ድርሻ ሲደምሩት የፈንዱ አንድ አራተኛ ገደማ ይሆናል። ዝርዝሩን በጥንቃቄ ካዩት አልፋቤት፣ ማለትም የጎግል እናት ኩባንያ፣ ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ ሁለት ዓይነት አክሲዮን ስላለው እንጂ ሁለት ኩባንያ ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ በአሥሩ መስመሮች ላይ ያሉት ኩባንያዎች ዘጠኝ ናቸው። ከእነዚህ መካከልም አብዛኞቹ በቴክኖሎጂ ወይም ከቴክኖሎጂ ጋር በተቆራኘ ሥራ ላይ የተሰማሩ በመሆናቸው፣ አንዱን የሚመታ ዜና ሌሎቹንም አብሮ ሊመታ ይችላል።

ይህን የምለው ፈንዱ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። በእኔ ግምት በዓይነቱ ንጹሕና ግልጽ ነው። አንድ ኩባንያ ቢከስር ገንዘቡ ሁሉ አይጠፋም፤ 1400 የመሆኑ ጥቅም ይህ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ገበያ በጥቅሉ ሲወርድ ከመውረድ አያድነውም። ወንድምዎ ሌላ «የቴክኖሎጂ ፈንድ» ወይም «የአሜሪካ ፈንድ» ደግሞ አደጋውን ለማከፋፈል ልጨምርበት ቢል፣ የሁለቱን የአሥር ኩባንያ ዝርዝር ጎን ለጎን እንዲያስቀምጥ ይንገሩት፤ ያንኑ ስሞች በድጋሚ እየገዛ እንደሆነ ወዲያውኑ ያያል። ሌላው ማስታወስ የሚያስፈልገው ዝርዝሩ የዚያ ቀን ፎቶግራፍ መሆኑን ነው፤ ድርሻዎቹ በየቀኑ ከዋጋው ጋር ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ወራት ያለፉበት መግለጫ ከሆነ አዲሱን ይጠይቁ።

ወጪውን በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም በዚህ ወረቀት ላይ የሚያሳስብ አይደለም። «ኦንጎይንግ ቻርጅ» በሚለው ረድፍ በዓመት 0.20 በመቶ ተጽፏል፤ ማለትም ከ10 ሺህ ዩሮ ላይ በዓመት 20 ዩሮ። ይህ ከትርፉ ላይ ቀድሞ የተቀነሰ ስለሆነ በፈንዱ ዓምድ ያለው ውጤት ከወጪው በኋላ ያለ ነው። የወንድምዎ ባንክ ለግዢው የሚጠይቀው ኮሚሽንና የጀርመን ግብር ግን በዚህ ወረቀት ላይ የሉም። በተመሳሳይ ሥራ 1.5 በመቶ የሚጠይቅ ፈንድ ቢያመጣልዎ፣ ያኔ ለምን ብለው አጥብቀው ይጠይቁት።

ወደ መልሱ እንምጣ። ለሁሉም 10 ሺህ ዩሮ በአንድ ጊዜ «እሺ» ይበሉ ብዬ አልመክርዎትም፤ «እንቢ» ብለው መዝጋትም አያስፈልግም። የኮሌጅ ክፍያ በአንድ ቀን ተጠቃሎ የሚከፈል አይደለም። ትምህርቱ አራት ዓመት ቢወስድ በየዓመቱ 2500 ዩሮ ያህል ይፈለጋል፤ የመጀመሪያው ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ሁለተኛው ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ዓመት፣ አራተኛው ደግሞ በሰባተኛው ዓመት ላይ ይደርሳል። ወረቀቱ ራሱ 5 ዓመት ካለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍያዎች፣ ማለትም 5 ሺህ ዩሮ፣ በዚህ ፈንድ ውስጥ ቦታ የላቸውም። በጀርመን ባንክ የጊዜ ገደብ ባለው ተቀማጭ ውስጥ ቢሆኑ፣ በሕጉ መሠረት ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ዩሮ ዋስትና አላቸው፤ ወለዱ ትንሽ ቢሆንም ክፍያው ሲደርስ ገንዘቡ ሳይጎድል ይገኛል።

ቀሪው 5 ሺህ ወደ ፈንዱ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ስሌት ከወንድምዎ ጋር አብራችሁ ሥሩ። የ2008 ዓይነት ዓመት ቢመጣና 40 በመቶ ቢወርድ፣ 5 ሺው 3 ሺህ ይሆናል፤ ከተቀማጩ ጋር በእጃችሁ 8 ሺህ ይቀራል። ሁሉም ፈንዱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው 6 ሺህ ነበር። 8 ሺህ ቢቀር ወንድምዎ ክፍያውን ከደመወዙ ሊሞላ ይችላል ወይስ ልጅቷ ትምህርቷን ታቋርጣለች? መልሱ የመጀመሪያው ከሆነ ይግቡበት። ሁለተኛው ከሆነ ድርሻውን ወደ 2500 ዝቅ ያድርጉት፤ ይኸውም ለመጨረሻው ዓመት የሚሆነው ብቻ ነው። ከዚያም እያንዳንዱ ክፍያ ሁለት ዓመት ሲቀረው የሚፈለገውን ያህል ከፈንዱ አውጥቶ ወደ ተቀማጩ ማዛወር ይገባል፤ ይህን ደግሞ ገበያው ሲሞቅ «ትንሽ ልጠብቅ» ሳይባል እንዲፈጸም፣ ቀኖቹን ዛሬውኑ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ብትይዙት መልካም ነው።

ለወንድምዎ ሲመልሱለት አንድ ጥያቄ ይጨምሩበት። በወረቀቱ ላይ ከፈንዱ ስም ቀጥሎ «አኩሙሌቲንግ» የሚል ቃል አለ፤ ይህ ማለት ኩባንያዎቹ የሚከፍሉት የትርፍ ድርሻ ለባለቤቱ ሳይከፈል ተመልሶ በፈንዱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ያው ፈንድ ድርሻውን በየጊዜው የሚከፍል ሌላ ዓይነትም ሊኖረው ስለሚችል፣ የሚገዛው የትኛውን እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ያለውን ባለ 12 አኃዝና ፊደል መለያ ቁጥር በባንኩ ማዘዣ ላይ ካለው ጋር አመሳክሮ እንዲያረጋግጥ ይንገሩት።